የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ ስልክ ላይ የተዘጋ የጎግል አካውንት እንዴት ይከፈታል?

የጎግል አካውንት የይለፍ ቃል በኮምፒውተር ወይም በሌላ ስልክ ሲቀየር፣ ዘወትር በእጅ የሚያዘው የአንድሮይድ ስልክ አዲሱን ቃል ሊጠይቅ ይችላል። አዲሱ ቃል ከተረሳ ጂሜይል መልእክት ማምጣት ያቆማል፣ ፎቶዎች ወደ ክላውድ መጫን ያቆማሉ፣ ፕሌይ ስቶርም አፕ አላወርድም ይላል። ከላይ «Account action required» የሚል ኖቲፊኬሽን ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል። ስልኩ ግን አልተቆለፈም። በጣት አሻራ ወይም በፒን ይከፈታል፣ ይደውላል፣ ውስጡ ያለውም ፎቶ ይታያል። የተዘጋው አካውንቱ ብቻ ነው፤ ይህን ልዩነት መያዝ ከዚህ በኋላ ለሚደረገው ሁሉ መነሻ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አካውንቱን ከስልኩ አጥፍቶ እንደገና ለማስገባት መሞከር ሲሆን ሁለተኛው ስልኩን ፎርማት ማድረግ ነው። ሁለቱም መንገዱን ያረዝሙታል፤ አንዳንዴም ጨርሰው ይዘጉታል። ምክንያቱን አስቀድመን እንይ።

ስልኩን ባለበት ይተዉት

ጎግል የአካውንቱን ባለቤት የሚለየው በይለፍ ቃል ብቻ አይደለም። አካውንቱ ለወራት ሲከፈትበት የቆየውን ስልክ፣ የተለመደውን ብራውዘር፣ ብዙ ጊዜ የሚገባበትን ቦታና ኔትወርክ ሁሉ እንደ ማስረጃ ይቆጥራል። የይለፍ ቃል ሲቀየር አካውንቱ ከአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይወጣል፤ «በእርግጥ እርስዎ ነዎት?» ለሚለው ማረጋገጫ የሚያገለግለው ስልክ ግን ከዚህ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የይለፍ ቃል ባይኖርዎትም እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ጠንካራው ምስክርዎ ነው። አካውንቱን ከስልኩ ሲያጠፉ ይህን ምስክር በገዛ እጅዎ ያሰናብታሉ።

ሌላም ጉዳት አለ። አካውንት ከስልክ ላይ ሲጠፋ ከእርሱ ጋር የተያያዙት የስልክ ቁጥሮችና ኢሜይሎችም አብረው ከስልኩ ይነሳሉ። ክላውዱ ላይ አሉ፤ ወደ ክላውዱ መግባት ካልተቻለ ግን መኖራቸው ለጊዜው ምንም አይጠቅምም።

ስለዚህ መክፈት ከመጀመርዎ በፊት ስልኩ ላይ ያለውን ያስቀምጡ። የሰዎች ቁጥር የተመዘገበበትን የContacts አፕ ይክፈቱና «Export to file» የሚለውን ይፈልጉ። እንደ ስልኩ ዓይነት «Fix & manage» ወይም የአፑ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። በ.vcf የሚያልቅ ፋይል ያወጣልዎታል፤ እርሱን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሜሞሪ ካርድ ይቅዱ። ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ከዚህ ቀደም በጎግል ፎቶስ ውስጥ «Free up space» ተጭነው ከሆነ፣ ወደ ክላውድ የወጡት ፎቶዎች ከስልኩ ተሰርዘዋል። በአፑ ውስጥ ትንንሽ ምስላቸው ቢታይም ዋናው ፋይል በገመድ አይገለበጥም። እነርሱን የሚመልሰው የአካውንቱ መከፈት ብቻ ነው።

በቅድሚያ ችግሩን ይለዩት

ሁሉም «የይለፍ ቃሌ አልሠራም» አንድ ዓይነት አይደለም። ለመለየት በመግቢያው ገጽ ላይ የቀድሞውን፣ ማለትም ከመቀየሩ በፊት የነበረውን የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ።

«Your password was changed 10 hours ago» የሚል ወይም ሌላ የሰዓት ቁጥር ያለው መልስ ከመጣ፣ ቃሉ በእርግጥ ተቀይሯል ማለት ነው። የተጻፈው ሰዓት እርስዎ ከቀየሩበት ጊዜ ጋር ይገጥማል? ከገጠመ ችግሩ መርሳት ወይም የአጻጻፍ ስህተት ነው። ካልገጠመ ወይም እርስዎ ምንም ካልቀየሩ የቀየረው ሌላ ሰው ነው። የመክፈቻው መንገድ ያው ነው፤ ግን ለነገ አይባልም። የገባብዎ ሰው አካውንቱ ሲዘጋ ለመክፈቻ ኮድ እንዲላክበት ያስመዘገቡትን የማስመለሻ ስልክ ቁጥርዎን ወይም ኢሜይልዎን ወደ ራሱ ቢቀይረው እንኳ፣ ከለውጡ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ጎግል ኮዱን ወደ ቀድሞው ቁጥር ወይም ኢሜይል ለመላክ አማራጭ ሊሰጥ ይችላል። ይህ 7 ቀን ሳያልፍ መጀመር አለብዎት።

«Wrong password» ብቻ ካለ፣ የጻፉት ቀድሞ የነበረው ቃል አለመሆኑ ወይም ለውጡ ሳይጠናቀቅ መቅረቱ ያጠራጥራል። ያኔ አዲሱን ቃል እንደገና በጥንቃቄ ይጻፉ። የዓይን ምልክቷን ነክተው የሚጽፉትን እያዩ ይጻፉ፤ ከሦስት ስህተቶች አንዱ ብዙ ጊዜ እዚህ ይታያል። አንደኛው፣ ስልኩ ወይም ብራውዘሩ አስቀምጦት የነበረውን አሮጌ ቃል በራሱ ሞልቶት ይሆናል። ሁለተኛው፣ ኪቦርዱ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርጓት ወይም በሌላ ቋንቋ ላይ ቆሞ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ቃሉ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ሲለጠፍ መጨረሻው ላይ የማይታይ ባዶ ቦታ ተከትሎ ይሆናል።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ ደግሞ አለ። ጂሜይልና ፕሌይ ስቶር በደህና እየሠሩ፣ ደጋግሞ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሌላ ኩባንያ የሠራው የኢሜይል አፕ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ አፖች የሚገቡት በዋናው ቃል ሳይሆን ለእነርሱ ብቻ በተሰጠ ባለ 16 ፊደል «app password» ነው። ዋናው የይለፍ ቃል ሲቀየር እነዚህ ሁሉ ይሰረዛሉ። ያኔ አካውንቱ አልተዘጋም፤ ለአፑ አዲስ «app password» ማውጣት ይበቃል፣ ከዚህ በታች ያለውም አያስፈልግዎትም።

መክፈቻው፣ ደረጃ በደረጃ

1. ቪፒኤን ካለ ያጥፉ። ዘወትር የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ቤት ወይም ሥራ ቦታ፣ ሆነው ይጀምሩ። ከሰው ስልክ ወይም ከማያውቁት ኮምፒውተር መጀመር ማስረጃዎን ያሳንሰዋል።

2. የስልኩን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ፤ በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት። የስልክ ሰዓት ከተዛባ በአውተንቲኬተር አፕ የሚወጣው ኮድ ትክክል አይሆንም፤ ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነውና።

3. Settings ይክፈቱ፣ Google የሚለውን ይንኩ፣ ከዚያ አካውንትዎን የሚያስተዳድሩበትን ገጽ ይክፈቱ። Security በሚለው ክፍል ውስጥ Password የሚለውን ይንኩ። አንዳንድ ስልክ ላይ የክፍሉ ስም «Security & sign-in» ነው። የይለፍ ቃል ሲጠይቅዎ ምንም ሳይጽፉ «Forgot password?» የሚለውን ይንኩ።

4. ስልኩ የጣት አሻራ ወይም የስክሪኑን ፒን ከጠየቀዎ ያስገቡ። ስልኩ እስካሁን በአካውንቱ የታመነ ከሆነ በቀጥታ አዲስ የይለፍ ቃል ወደሚጻፍበት ገጽ ሊያሳልፍዎ ይችላል። ስልኩን ባለበት የተወ ሰው ጉዳዩ በዚህ ደረጃ ሊያልቅለት ይችላል።

5. ይህ ካልሆነ በዚያው ስልክ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀሙበትን ብራውዘር ይክፈቱና g.co/recover ብለው ይጻፉ። የኢሜይል አድራሻዎን ያስገቡ፤ ጎግል አማራጮቹን አንድ በአንድ ማቅረብ ይጀምራል።

6. የቀረበልዎን አማራጭ መጠቀም ካልቻሉ «Try another way» የሚለውን ይንኩ። ገጹን ዘግተው ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ የሚቀጥለው አማራጭ የሚመጣው በዚህ ቁልፍ ነው።

አማራጮቹ ምን እንደሆኑና የት እንደሚሰናከሉ

በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባው ፓስኪ ከሁሉም ይቀላል፤ ብዙ ሰው ግን እንዳለው አያውቅም። የአንድሮይድ ስልክ አካውንት ሲገባበት በራሱ ፓስኪ ሊፈጥር ይችላል፤ የሚከፈተውም በስልኩ የጣት አሻራ ወይም ፒን ነው። የይለፍ ቃል መቀየር ፓስኪን አይሰርዘውም። ስለዚህ የፓስኪ አማራጭ ከመጣልዎ አይለፉት፤ ቃሉን ፈጽሞ ሳያስታውሱ ሊገቡበት ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው በኖቲፊኬሽን ማረጋገጥ ነው። አካውንቱ ያልወጣበት ሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ካለ «እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል። አንዳንዴ አንዱ ስክሪን ላይ የሚታየውን ቁጥር በሌላው ላይ መርጠው እንዲነኩ ይጠይቃል። ኖቲፊኬሽኑ ካልመጣ መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱን አይተው የጂሜይል አፕ ይክፈቱበት።

በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ባለ ስድስት አኃዝ ሲሆን ከፊቱ G- የሚል አለው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው ትዕግሥት ማጣት ነው። መልእክቱ ሲዘገይ ሰው ደጋግሞ «ላክ» ይላል፤ ከዚያ ሦስት መልእክት በአንድ ጊዜ ይመጣና የትኛው የቅርቡ እንደሆነ ይጠፋዋል። የሚያገለግለው መጨረሻ የተጠየቀው ነው። አንድ ጊዜ ይጠይቁና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ሲም ካርዱ ከጠፋ ቁጥሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ አሁንም በስምዎ ከሆነ ከቴሌኮም ድርጅቱ ያንኑ ቁጥር በምትክ ሲም ያውጡ። ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ብዙ ቀን ከመታገል ይህ ይቀላል።

የማስመለሻ ኢሜይል ሲመጣ የአድራሻው የተወሰኑ ፊደሎች ብቻ ይታያሉ፤ የቀሩት በነጥብ ይሸፈናሉ። የትኛው አሮጌ አድራሻዎ እንደሆነ ከእነዚያ ፊደሎች ይለዩ፤ ከዚያ በመጀመሪያ ወደዚያ ኢሜይል መግባት መቻልዎን ያረጋግጡ፣ ኮዱን ከዚያ በኋላ ይጠይቁ። ሁለተኛው ኢሜይል ራሱ ተዘግቶ ከሆነ መከፈት ያለበት መጀመሪያ እርሱ ነው።

ባክአፕ ኮድ የሚባሉት ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲያበሩ ማውጣት የሚችሏቸው 10 ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ አላቸው። አንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ አሥር ካወጡ የቀድሞዎቹ ሁሉ ይሰረዛሉ፤ ስለዚህ በወረቀት ያስቀመጡት አልሠራ ካለ ከእነዚያ በኋላ ሌላ አውጥተው እንደነበር ያስታውሱ። በአካውንቱ ስም በኮምፒውተርዎ «Downloads» ውስጥ የተቀመጠ ፋይልም ይፈልጉ፤ ሰው አውርዶ ረስቶት ይገኛል።

በመጨረሻ «የሚያስታውሱትን የመጨረሻ የይለፍ ቃል ይጻፉ» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ይህ ለመግቢያ የሚጠየቅ ስላልሆነ አሮጌውን ቃል መጻፍ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም የሚፈለገው እርሱ ነው። የቅርቡን በትክክል ካላስታወሱ ከእርሱ በፊት የነበረውን ይጻፉ። ጥያቄዎችን ከመዝለል በግምትም ቢሆን መመለስ ይሻላል። የሰጡት መልስ በከፊል ቢሳሳት ያ ብቻውን ጥያቄዎን አይጥለውም።

የመጠበቂያ ጊዜዎቹ

አራት ዓይነት ጥበቃ አለ፤ ሰው እርስ በርስ ያምታታቸዋል። ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚመጣው ነው። «Too many failed attempts» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ለጥቂት ሰዓታት መሞከር ያቁሙ። ይህ የሚደረገው ቃል እየገመቱ የሚሞክሩትን ለማገድ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ተመልሶ መሞከር ከገማች ሰው ጋር ያመሳስልዎታል እንጂ አያፈጥንልዎትም። በዚያ ቀን ትተውት በማግሥቱ ከዚያው ስልክና ከዚያው ቦታ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ዋነኛው ነው። ጥያቄዎቹን መልሰው ሲጨርሱ ጎግል ወዲያው ከማስገባት ይልቅ ጥያቄውን ለተወሰኑ ሰዓታት ወይም ለብዙ ቀናት ሊያቆየው ይችላል። ርዝመቱ በማስረጃዎ ጥንካሬና በሚታየው ሥጋት ላይ ይመሠረታል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው በስድስት ሰዓት ቢያልቅ የእርስዎም እንዲሁ ያልቃል ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አካውንቱ ላይ ባሉት መሣሪያዎችና አድራሻዎች «አካውንቱን ለማስመለስ ጥያቄ ቀርቧል» የሚል ማስታወቂያ ይላካል። ዓላማው እውነተኛው ባለቤት ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ አይደለሁም» ብሎ እንዲያስቆመው ዕድል መስጠት ነው። እዚህ ላይ የሚደርስ የሚያሳዝን ስህተት አለ፦ ባለቤቱ ራሱ ወይም ታብሌቱን የያዘ የቤተሰብ አባል ማስታወቂያውን አይቶ ይደነግጥና ጥያቄውን ይሰርዘዋል። አካውንቱ የገባበትን መሣሪያ የሚጠቀም ቤተሰብ ካለ አስቀድመው ይንገሩት።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለው አካውንት ላይ የይለፍ ቃሉም ሁለተኛው ማረጋገጫም በአንድ ጊዜ ከጠፉ፣ ማጣራቱ ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። በሚጠብቁበት ጊዜ ሌላ አዲስ ጥያቄ ከሌላ መሣሪያ አይክፈቱ፤ የሚመጡት ኮዶችና ሊንኮች የየትኛው እንደሆኑ ይጠፋብዎታል። ጥያቄውን ሲያቀርቡ «የምናገኝዎ ኢሜይል» ተብሎ የሰጡትን አድራሻ በየቀኑ ይመልከቱ፤ የስፓም ሳጥኑንም ይክፈቱ። ሊንኩ ሲደርስዎ ሳይውል ሳያድር ጥያቄውን ባቀረቡበት ስልክ ላይ ይክፈቱት።

ሦስተኛው ከገቡ በኋላ የሚመጣ ነው፦ የይለፍ ቃል ከቀየሩ በኋላ ስልኩን ፎርማት ለማድረግ ካሰቡ 24 ሰዓት ይጠብቁ። የአንድሮይድ ስልክ ፎርማት ሲደረግ፣ ለሌባ እንዳይሆን፣ ቀድሞ የነበረበትን አካውንት ይጠይቃል። ቃሉ ገና ሲቀየር ፎርማት ካደረጉት ትክክለኛውን አዲስ ቃል ጽፈውም ስልኩ ላይቀበልዎ ይችላል።

አራተኛው 7 ቀን ነው። በአዲስ መሣሪያ ከገቡ እንደ ማስመለሻ ቁጥር መቀየር ያሉ ጥብቅ ለውጦችን ለማድረግ መሣሪያው በአካውንቱ ላይ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ሊኖርበት ይችላል። «ይህን አሁን ማድረግ አይችሉም» ቢልዎ ስህተት ፈልገው አይድከሙ፤ ሳምንት ሲሞላ ይመለሱ።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንዲት ተጠቃሚ ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ በኮምፒውተር የይለፍ ቃሏን ቀየረች እንበል። ረጅም ቃል መረጠች፣ ብራውዘሩ «ላስቀምጠው?» ሲላት እንቢ አለች። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ስልኳ ቃሉን ሲጠይቃት የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ጠፉባት። ኮምፒውተሩም ተዘግቶ ሲከፈት ቃሉን ጠየቀ። የማስመለሻ ስልክ ቁጥሯ ከዓመታት በፊት የተወችው ነው፤ የማስመለሻ ኢሜይሏ ግን ይከፈታል። ባክአፕ ኮድ የላትም።

መጀመሪያ ቁጥሮቿን ወደ .vcf ፋይል አውጥታ አስቀመጠች። ቀጥላ አሮጌውን ቃል አንድ ጊዜ ጻፈች፤ «Your password was changed 10 hours ago» የሚል መልስ መጣ። ከሰኞ ማታ 3 ሰዓት እስከ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት አሥር ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የቀየረችው ራሷ መሆኗ ተረጋገጠ፣ የሌላ ሰው ሥጋት የለም። አዲሱን ቃል በግምት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ አልሆነም። አራተኛ አልሞከረችም። ያኔ ማቆሟ በጀ፤ ቢደጋገም የብዙ ሙከራው እገዳ ይመጣ ነበር።

ቤቷ ባለው ዋይፋይ በSettings በኩል «Forgot password?» ነካች። ጣት አሻራዋን ጠየቃት፣ ሰጠች፤ ከዚያ ግን ወደ አሮጌው ስልክ ቁጥር ኮድ ልላክ አለ። ይህ ቁጥር ምናልባት አሁን በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወደዚያ ኮድ ማስላክ ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። «Try another way» ነካች። የማስመለሻ ኢሜይሏ የመጀመሪያ ፊደሎች ታዩ። ያንን ኢሜይል በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድማ ከፍታ ነበርና ኮዱ እንደመጣ ጻፈችው። የመጨረሻ የምታስታውሰውን ቃል ሲጠይቃት ሰኞ እስከ ማታ ድረስ የነበረውን አሮጌውን ቃል ጻፈች።

ገጹ ጥያቄዋ እንደተመዘገበና ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊንክ በኢሜይል እንደሚደርሳት ነገራት። ስክሪኑን ፎቶ አነሳች፤ የተጻፈውን ሰዓት በኋላ ለማስታወስ ይረዳታል። ለወንድሟ ታብሌቱ ላይ ማስታወቂያ ቢመጣ ምንም እንዳይነካ ነገረችው። ረቡዕ ሊንኩ መጣ፤ በዚያው ስልክ ከፈተችው፤ አዲስ ቃል አስገባች፤ ይህን ጊዜ ግን ገጹን ሳትዘጋ በፊት ቃሉን በፓስወርድ ማኔጀር አስቀመጠች። ስልኩ ላይ ያሉት ኖቲፊኬሽኖች በደቂቃዎች ውስጥ ጠፉ፤ ኢሜይሎቹም መግባት ጀመሩ።

እንደገቡ ወዲያው የሚደረጉ

የማይጠቀሙበትን የማስመለሻ ቁጥር ያውጡና የአሁኑን ያስገቡ። ከላይ እንደተባለው የቀድሞው ቁጥር ለ7 ቀን ያህል አሁንም እንደ አማራጭ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ በዚያ ሳምንት የሚመጡ ማስታወቂያዎችን በደንብ ይከታተሉ። ባክአፕ ኮዶችን አውጥተው በወረቀት ይጻፉ፤ እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ካስቀመጧቸው ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ «Your devices» በሚለው ገጽ ላይ የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት። ቃሉን የቀየረው ሌላ ሰው ከነበረ በተጨማሪ የጂሜይልን ሴቲንግ ከፍተው «Forwarding» የሚለውን ይመልከቱ፤ ደብዳቤዎችዎ ወደ ማያውቁት አድራሻ እንዲተላለፉ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ደግሞ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አያቆመውም።

በማስመለሱ መካከል «የጎግል ድጋፍ ሰጪ ነኝ፣ ክፈል እከፍትልሃለሁ» የሚል ሰው ቢደውል ወይም ቢጽፍ አይመኑ። ጎግል አካውንት እንከፍታለን ከሚሉ ድርጅቶች ጋር አይሠራም። G- ያለበትን ኮድ የሚጠይቅዎ ሰው የሚፈልገው ኮዱን ተጠቅሞ አካውንቱን ለራሱ መውሰድ ነው።

ፎርማት አስቀድሞ ተደርጎ ከሆነ

ስልኩ ሲነሳ ቀድሞ የነበረበትን አካውንት እየጠየቀ ከቆመ ሁለት በር አለ። ብዙ ስልኮች ላይ ከፎርማቱ በፊት የነበረውን የስክሪን ፒን ወይም ፓተርን ለማስገባት የሚያስችል አማራጭ ይታያል፤ እርሱን ካስታወሱ የይለፍ ቃሉ ሳያስፈልግ ያልፋሉ። ካልታየ በሌላ መሣሪያ፣ አካውንቱ ቀድሞ ገብቶበት ከነበረ ኮምፒውተር ቢሆን ይመረጣል፣ በg.co/recover ያስመልሱና አዲሱን ቃል ካወጡ በኋላ 24 ሰዓት ጠብቀው ስልኩ ላይ ያስገቡት። በዚያ 24 ሰዓት ውስጥ ቃሉን እንደገና አይቀይሩ፤ ከቀየሩት ጥበቃው ከአዲስ ይጀምራል። ስልኩ ላይ ከአንድ በላይ የጎግል አካውንት ከነበረ ከእነርሱ የአንዱን አድራሻና ቃል ማስገባት ይበቃል። የሚገባው ግን ፎርማት ከመደረጉ በፊት ስልኩ ላይ የነበረ አካውንት መሆን አለበት፤ ዛሬ የተከፈተ አዲስ አካውንት አያልፍም።